በቀኝ በኩል

«አንቺስ የማን ወገን ነሽ?»

ሙሉነሽ ጥያቄው ሲደገም ነው የሰማችው። ጠያቂዋ ሴትዮ የተቀመጡት በግራዋ ነበር፤ ግራ ጆሮዋ ደግሞ ገና በልጅነቷ መግል እየያዘ ከሰለለ ወዲህ አይሰማም። ፊቷን አዙራ አየቻቸው።

«ጎረቤት አይደለሁም» አለች።

«እሱንማ እናውቃለን። ለዋጋሪ ምኑ ነሽ ነው የምልሽ።»

ምኑ ትበል? ሚስቱ አይደለችም። እጮኛው አይደለችም። ቀለበት የለ፣ ሽማግሌ አልተላከ፣ አብረው የተነሱት አንድ ፎቶ እንኳ የለም። ከሰኔ ማለቂያ ጀምሮ ዘጠኝ ጊዜ ተቀምጠው አውርተዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ጋዋኑን የምሰፋለት ነኝ» አለች።

ሴትዮዋ «እህ» ብለው ፊታቸውን ወደ ዘማሪዎቹ መለሱ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልጨመሩም፤ ልብስ ሰፊ ለቅሶ ቤት መጥታ ከመሃል አግዳሚ ላይ ለምን እንደምትቀመጥ የገባቸው አይመስልም።

ሙሉነሽ ተናዳለች። የተናደደችው አሁን አይደለም፤ ጠዋት ነው የጀመራት። የጨርቅ ሱቁ ባለቤት ቂርቆስ፣ በረንዳው ላይ የስፌት መኪና ዘርግታ እንድትሠራ የፈቀደላት ሰው፣ ተትረን ጨርቅ ሲለካ ቆይቶ ሜትሩን ሳያስቀምጥ «ያ የከብት ሐኪም፣ ያንቺ ደንበኛ፣ ሞተ አሉ። ከሞተር ወድቆ። ትናንት ቀበሩት» አላት። ትናንት ቀበሩት። እሷ ትናንት ምን ስታደርግ ዋለች? የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ። አንድ ሰው መጥቶ ሊነግራት ይችል ነበር፤ ግን ማን መጥቶ ይንገራት? ማን ያውቃታል? በቂርቆስ ተናደደች፣ ቀባሪዎቹ ላይ ተናደደች፣ በሞተሩ፣ በዝናቡ፣ በነሐሴ ተናደደች። ከሁሉም በላይ በዋጋሪ ተናደደች። እንደዚያ አድርጎ ሰውን የሚያዳምጥ ሰው፣ ሰው እንዲህ አስለምዶ፣ ሄዶ ጭቃ ላይ ይወድቃል?

ድንኳኑ ነቀምቴ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ተራው በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው የተተከለው። ዝናቡ ሸራው ላይ እየተጠራቀመ አንድ ሰው በዱላ ከስር እየገፋ ያፈሰዋል። የዕድሩ አግዳሚዎች ጭቃ ውስጥ ሰምጠዋል። ከፊት፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ የዋጋሪ እናት አዴ ድርቤ ተቀምጠዋል። ጥቁር ሻሽ አስረዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ የሚያለቅሱም አይመስሉም። ሙሉነሽ ከዚህ በፊት አይታቸው አታውቅም።

መዝሙሩ ሲያበቃ አዴ ድርቤ ቀና አሉና፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ቦቲ ጫማውን…» አሉ።

«ጀባዳ አዴ፣ ጀባዳ» አሉ ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ትከሻቸውን ይዘው። በርቱ፣ ማለት ነው። «የጌታ ፈቃድ ነው።»

«አይ፣ ቦቲውን እኮ እኔ…»

«እንጸልይ» አለ ወንጌላዊው፤ ሰው ሁሉ ተነሳ። አዴ ድርቤ አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ፣ አፋቸውን ዘጉ። ጸሎቱ ረጅም ነበር። ሲያበቃ በቆሎ ንፍሮ ዞረ፤ ስለ ማዳበሪያ ዋጋና ስለ መንገዱ ወሬ ተጀመረ። አዴ ድርቤ ሊሉት የነበረውን ነገር መልሶ የጠየቃቸው የለም። ሙሉነሽ ግን ሰምታለች። በደህናው ጆሮዋ ነበር የሰማችው፤ እሳቸው «እኔ» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እንደተሰበረም ሰምታለች።

እንዲህ መስማትን ከማን እንደለመደች ታውቃለች። ይሄ ደግሞ ይባስ አናደዳት።

ዋጋሪ መጀመሪያ የመጣ ቀን ላም በቀንድ የቀደደችውን ነጭ ጋዋን በፌስታል ይዞ ነበር። የስፌት መኪናው ይጮኻል፣ ዝናቡ በረንዳው ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። በግራዋ ካለው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሆነ ነገር ጠየቃት። አልሰማችም። ደገመው። «አቤት?» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይጮኻል፣ ወይ «ደንቆሮ ነሽ እንዴ» ብሎ ይስቃል፤ የለመደችው ነው። እሱ ተነሳ፣ በርጩማውን አንስቶ ዞረና በቀኟ አስቀመጠው። ምክንያቱን አልጠየቀም። ጆሮሽን ምን ሆነሽ አላለም። ጥያቄውን እንደገና፣ በዚያው ድምፅ ጠየቃት፤ «መቼ ልምጣ?» ነበር ያላት። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቀን በግራዋ ተቀምጦ አያውቅም።

«ላሚቱ ለምን ወጋችህ?» አለችው ለወጉ ያህል።

«ባለቤቱን አልጠየቅኩትም ነበር» አለ። «ላም አትናገርም። ባለቤቱን መቼ ጀመራት፣ ምን በላች፣ ጠዋት ምን ላይ ቆማ ነበር ብለህ ትጠይቃለህ፤ ከዚያ አፍህን ዘግተህ ትጠብቃለህ። ሰው መጀመሪያ የሚነግርህ ዋናውን አይደለም። እኔ ቸኮልኩ። ቢያንስ ሆዷን መነካት እንደማትወድ ይነግረኝ ነበር።»

ሳቀች። ሳታስበው «ይሄ ዝናብ! ነሐሴ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። እኔ ነሐሴን አልወድም» አለች። ሰው ሁሉ «ማን ይወደዋል» ብሎ ያልፋል፤ ወይም ስለ ራሱ ጣሪያ ማፍሰስ ይጀምራል። ዋጋሪ ግን ቀና ብሎ አያት።

«ነሐሴ ምን አድርጎሽ ነው?»

«ምንም።»

«እሺ» አለ። አልገፋም። ጋዋኑን ለቅዳሜ ቀጠሩና ሄደ።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ሙሉነሽ በጊዜ ሄደች፤ ሁለት ሱሪ ሳታሳጥር ትታ። ለምን እንደምትሄድ አታውቅም። «ምኑ ነሽ» የሚላት ሰው እንዳይኖር ከጥግ ተቀመጠች። አንድ ቀጭን ሰው የሻይ ትሪ ይዞ እየዞረ ነበር፤ እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ሙሉነሽ ነሽ አይደል? የቂርቆስ በረንዳ።»

በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድ የሚያውቃት ተገኘ ማለት ነው።

«በርናባስ እባላለሁ። የዋጋሪ ጓደኛ ነኝ፣ ሞባይል የምጠግነው።» ትሪውን አስቀምጦ ተቀመጠ፤ በግራዋ። አንገቷን ማዞር ነበረባት። «ስላንቺ ብዙ አወራን እኮ።»

«ነገረህ?»

«ይነግረኛል እንጂ። ያለኔ ምን ያውቅ ነበር? ያን ልጅ ታውቂዋለሽ፣ ከከብት ጋር የሚውል ሰው ነው። ሴት ፊት ሲቀርብ ምላሱ ይታሰራል።» ወደ ፍራሹ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሙሉነሽም ጨርሶ ልትዞርለት ግድ ሆነ። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ሦስት ነገር ነው አልኩት። አንድ፣ ስለ ራስህ አታውራ፣ ጠይቅ። ሁለት፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን መልሰህ በላት፤ የሰማሃት ይመስላታል። ሦስት፣ ከተናገረችው ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ያዝና ሌላ ቀን አምጣት። አለቀ። ሴት እንዲህ ካደረግክላት የትም አትሄድም።»

ሙሉነሽ ከትሪው አንድ ብርጭቆ ሻይ አነሳች።

«ነሐሴን አልወድም አላልሽውም? ካንቺ ዘንድ እንደሄደ ነው የነገረኝ። ስልኩን አምጣ አልኩትና ነሐሴ አንድ ጠዋት የሚጮኽ ማስታወሻ እኔው በእጄ ሞላሁለት። መጥቶ ጠየቀሽ አይደል?» ፈገግ አለ። ክፋት አልነበረውም፤ ይሄ ነው የሚያቃጥለው። ሰውየው እያጽናናት ነበር። «ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሲመለስ ደስ ብሎት አቅፎኝ ነበር። ምስኪን። በይ ሻይሽን ጠጪ፣ አይዞሽ።»

ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ተነስታ ወጣች።

ዳገቱን ስትወርድ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ እየቀረ ይመለሳል። ማስታወሻ። ስልክ ውስጥ የተሞላ ደወል። እሷ ያቺን ቀን፣ ነሐሴ አንድን፣ ማንም እንደማይነካት ነገር ደብቃ ይዛት ነበር። በዚያ ቀን ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ቂርቆስ ሱቁን እየከፈተ፣ ዋጋሪ ዝናብ ልብሱ እየተንጠባጠበ መጥቶ በርጩማውን በቀኟ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። «ዛሬ ነሐሴ ገባ። እንዴት ነሽ?» አላት። ይኸው ብቻ። በነሐሴ ከጊዳ አያና ተፈናቅለው ከወጡ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እናቷ እንኳ አታነሳውም። መቀሱን አስቀምጣ አለቀሰች፤ እሱም እስኪወጣላት ጠበቀ።

ደወሉ ጮኾ ነው የመጣው? በርናባስ በጣቱ ጽፎ?

ተታለልኩ፣ አለች ለራሷ። ጮክ ብላ ሳትለው አልቀረችም፤ አንድ የባጃጅ ሾፌር ዞር ብሎ አያት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሞኝ አይደለችም፤ ግን የማንም ሰው ትምህርት መለማመጃ ሆነች። ከእንግዲህ እዚያ ድንኳን እግሯ አይደርስም።

ማታ በጊዜ ተኛች፤ እንቅልፍ ግን የለም። ንዴት እንደሚያደርገው ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው እያነሳች ትበረብረው ጀመር። ይሄኛውስ የበርናባስ ነው? ያኛውስ?

ሁለተኛ የመጣ ቀን የእህቷን ስም አሳስቶ ነበር፤ ቲቲን ትዕግስት አላት። «ቲቲ ነው ያልኩህ» ስትለው አልተከላከለም። «ተሳሳትኩ። እንደገና ንገሪኝ፣ ታላቅሽ ናት ታናሽሽ?» አለ። በአራተኛው ቀን ደግሞ ጥያቄው በዛባትና «ምርመራ ነው እንዴ? አንተ የምትናገረው የለህም?» ብላ ጮኸችበት። ፊቱ ቀላ። አባቱ ሲሞት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንደነበረና ሰው ሁሉ «አሁን የቤቱ አባወራ አንተ ነህ» ሲለው፣ እንዴት ነህ ያለው አንድ ሰው እንዳልነበረ ነገራት። አንድ የከብት ሐኪም ብቻ፣ ላሚቱን ሊያክም መጥቶ፣ «አንተስ?» አለው። እሱ ነው ከብት ሐኪም ያደረገኝ፣ አለ። ስለ ራስህ አታውራ ነበር የበርናባስ ትምህርት፤ እሱ ግን አወራ።

ከዚያም ስድስተኛው ቀን። የዳማ ቀን።

ከጊዳ አያና የወጡበትን ታሪክ ሙሉነሽ ስንት ጊዜ ተናግራዋለች። ለተፈናቃይ መዝጋቢው፣ ለቀበሌው፣ ለዘመዱ፣ ቤት ለምታከራየው ሴትዮ። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነው፤ ስንት ሰው ሞተባችሁ፣ ስንት ከብት ቀረ፣ ቤቱ ተቃጠለ ወይ። እሷም እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛዋለች፤ ስታወራው ምንም አይሰማትም። ለዋጋሪም እንደዚያው አወራችው። ጎህ ሳይቀድ ወጣን፣ በእግራችን፣ እናቴን አያና ከተማ ድረስ በቃሬዛ፣ ውሻው ሲጮኽ ይሰማን ነበር፣ ከዚያ በመኪና… ጨረሰች። ዋጋሪ ስንት ሰው ሞተባችሁ አላላትም።

«ውሻው» አለ። «እሱ ጋ ስትደርሺ መርፌውን አቆምሽው። ስሙ ማን ነበር?»

«ዳማ።»

«ዳማ ተፈትቶ ነበር ወይስ ታስሮ?»

እጇ የመኪናው መዘውር ላይ ቀረ። ይህን የጠየቀ ሰው የለም። እሷም አባቷ አሻግሬ እስኪሞት ድረስ ለአባቷ እንኳ አልነገረችም።

«ታስሮ» አለች። «ተከትሎን እንዳይጮኽ፣ እንዳይሰሙን። እኔ ነኝ… ማታ እኔ አሰርኩት።»

ሰው ሁሉ የሚለውን ጠበቀች። ምን ታደርጊ፣ ነፍስሽን ነው ያዳንሽው፣ ውሻ እኮ ነው። ቢላት ኖሮ መርፌውን ትቀጥል ነበር፤ እስከ ዛሬም አትከፍተውም ነበር።

«አንቺ ነሽ ያሰርሽው» አለ ዋጋሪ፤ ቀስ ብሎ።

«እኔ ነኝ።»

ሌላ ምንም አላለም። ቂርቆስ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ ተመለሰ። ዝናቡ አባራ። ዋጋሪ እንደተቀመጠ ነበር። ሙሉነሽ ስለ ገመዱ፣ ስለ ቋጠሮው፣ ዳማ እጇን ስለመላሱ ሁሉንም ነገረችው። ከሁለት ቀን በኋላ ሲመጣ ውሻውን አላነሳውም። ራሷ ካላነሳችው በቀር ሰው እንዲያነሳባት እንደማትፈልግ ገብቶት ይሁን፣ ወይ ሌላ፣ አላወቀችም።

መልሰህ በላት፤ የሰማሃት ይመስላታል። «አንቺ ነሽ ያሰርሽው» ማለቱስ ይሄው አይደለም? ብርድ ልብሱን ጣለችው። ይሄም ከተበላሸባት ምን ይቀራታል? ንዴቷ ወደዚያ ሲደርስ ፍርሃት ሆነ፤ ፍርሃቱንም ስታየው መልሳ ተናደደች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ ስትደርስ ሁለተኛው ጋዋን ከስፌት መኪናው ስር በፌስታል እንዳለ አገኘችው። ዋጋሪ ባለፈው ሳምንት የውስጥ ኪስ እንድታወጣለት ትቶት የሄደው ነበር። ኪሱ ተሰፍቷል፤ የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው። ምላጩን አንስታ ስፌቱን ልትተረትር አሰበች። አልተረተረችም። ቁልፉን ሰፋች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ጋዋኑን አጥፋ በፌስታሉ ከተተችው። ለእናቱ ሰጥታ ትመለሳለች። ከዚያ በቃ፤ ዕቃውን የመለሰች ልብስ ሰፊ ትሆናለች።

ድንኳኑ በር ላይ ያገኘችው በርናባስን ነበር፤ ፔርሙዝ ሁለት በእጁ አንጠልጥሎ።

«መጣሽ? ትናንት እኮ ሳትጠጪ…»

«ስለ ውሻውስ ነገረህ?» አለችው።

«የምን ውሻ?»

«ስለ ዳማ።»

«ዳማ የሚባል ሰው አላውቅም» አለ በርናባስ። እውነቱን ነው። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

ሙሉነሽ ፌስታሉን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ስማ» አለች። «ማስታወሻውን አንተ ሞላህ፣ እሺ። የረሳ ሰው ይሞላል፤ መርሳት የፈራም ይሞላል። ግን ከሦስቱ ትምህርትህ ውስጥ ዝም በል የሚል አለ? አንድ ሰዓት ሙሉ አብረሃት ዝም በል ብለኸዋል? የነገረችህን ለማንም አትንገር ብለኸዋል?»

«ኧረ ሙሉነሽ፣ እኔ እኮ…»

«እኔን ታውቃለህ። በረንዳዬን ታውቃለህ፣ ነሐሴዬን ታውቃለህ። ትናንት ያን ሁሉ ስታወራ አንድ ጊዜ እንኳ አንቺስ እንዴት ነሽ አላልከኝም። ልትቀብሩት ስትሉ የት እንደምገኝ ታውቅ ነበር። ስልክ አለህ፣ ሱቅህ ከኔ በረንዳ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። መጥተህ አልነገርከኝም።»

«ትዝ አላለኝም» አለ በርናባስ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። እሱም ጓደኛው ነው የሞተበት፤ ይሄ ለሙሉነሽ ያኔ አልታያትም፣ ሊታያትም አልፈለገችም። አልፋው ገባች።

ውስጥ ግን ወደ ፍራሹ መሄድ አቃታት። አዴ ድርቤ በሴቶች ተከበዋል፤ ጋዋኑን ይዛ መሃላቸው ገብታ ምን ትላለች? ከኋላ አግዳሚ ላይ፣ በግራዋ ቦታ ባዶ እንደሆነ፣ ተቀመጠች። በቀኟ የመጀመሪያው ቀን ጠያቂ ሴትዮ ነበሩ። ፌስታሉን አዩና «ዛሬም መጣሽ» አሏት።

ያኔ ነው አዴ ድርቤ የተነሱት።

ሐዘንተኛ ከፍራሽ እንዲህ አይነሳም፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው መልሰው ሊያስቀምጧቸው ሞከሩ። እጃቸውን አስለቅቀው መጡ። እየመጡ ዓይናቸው ፌስታሉ ላይ፣ ከዚያ ሙሉነሽ ፊት ላይ ነበር። በግራዋ ባለው ባዶ ቦታ ፊት ለፊት ደረሱ። እዚያ ይቀመጣሉ ብላ ሙሉነሽ ጠበቀች። አልተቀመጡም። አለፉት። ዞረው በቀኝ በኩል መጡና ለጠያቂዋ ሴትዮ በኦሮምኛ፣ «እባክሽ ጠጋ በይልኝ» አሉ። ሴትዮዋ ተነሱ። አዴ ድርቤ በቦታቸው ተቀመጡ።

ሙሉነሽ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ኢንተላ ኮ» አሉ አዴ ድርቤ፤ ልጄ፣ ማለታቸው ነው። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነበር። «ትናንት አንገትሽን ስታዞሪ አየሁሽ። አንቺ ትሆኝ ይሆን አልኩ። ጋዋኑን ሳይ አወቅኩ።»

«ነገረዎት?»

«ለመስቀል ላመጣት ነው አለኝ። ስትመጣ በቀኟ ተቀመጪ አለ። ለምን አልኩት፤ ‹እሷ አትነግርሽም። አንቺም አትጠይቂያት። ብቻ በቀኟ ተቀመጪ› አለኝ። ሦስት ጊዜ ነገረኝ። እንዳልረሳ።»

ሙሉነሽ ፌስታሉን በሁለት እጇ ጨመቀችው። አላለቀሰችም፤ ንዴቷ ገና አልወጣላትም ነበር። ግን አቅጣጫው ዞረ። ይሄን የሚያህል ሰው፣ ስለ ጆሮዋ አንድ ቀን ሳያነሳ ለእናቱ ሦስት ጊዜ የሚናገር ሰው፣ ለመስቀል ሊወስዳት ሲል አንድ ወር እንኳ አልተሰጠውም። በዚያ ተናደደች። ይሄኛውን ንዴት ልትተወው አልፈለገችም።

አዴ ድርቤ ጋዋኑን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። የውስጥ ኪሱን በጣታቸው ዳሰሱ። ዙሪያቸውን ሴቶች መሰብሰብ ጀምረዋል፤ አንዷ «ጀባዳ» ልትል አፏን አሹላለች።

«እናቴ» አለች ሙሉነሽ፣ ቀድማ። «ከትናንት ወዲያ ስለ ቦቲው ሊናገሩ ጀምረው ነበር። አቋረጥንዎት።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ሙሉነሽ አልቸኮለችም። ጥያቄውንም አልደገመችም። ሸራውን የሚገፋው ሰው ዱላውን ይዞ ቆሟል፤ ውሃው በአንድ ጥግ ሲፈስ ይሰማል።

«ማታ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ» አሉ አዴ ድርቤ። «ቦቲውን አጠብኩት። አንዱን በር ላይ፣ አንዱን ጓሮ አጥሩ ላይ ዘቅዝቄ… ረሳሁት። ጠዋት ጉቶ ጊዳ ላም ምጥ ይዟታል ተብሎ ተደወለ። አንዱ ቦቲ የለም። ሌላ ጫማ አድርግ አልኩት፣ ጭቃ ነው አለ። እሱ አልጋ ስር ይፈልጋል፣ እኔ ማድቤት እፈልጋለሁ። ስንፈልግ ስንፈልግ ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ ሲነሳ እኮ መንገዱ ደረቅ ነበር። ደረቅ ነበር።»

ምን ያድርጉ፣ እርስዎ ምን በወጣዎት፣ ቀኑ ደርሶ ነው። ሁሉም ቃል ሙሉነሽ ምላስ ላይ መጥቶ ተደረደረ። አንዱን ብትለው አሮጊቷ ወደ ፍራሹ ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አይናገሩትም። ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

«እርስዎ ነዎት ያጠቡት» አለች፤ ቀስ ብላ።

አዴ ድርቤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ ያጠብኩት።» ከሞተ ጀምሮ ያልወጣቸው እንባ ያኔ መጣ። እያለቀሱ መናገር ቀጠሉ፤ ጭቃውን በምን እንደፈተጉት፣ አጥሩ ላይ ሲሰቅሉት ምን እያሰቡ እንደነበር፣ ሲያገኙለት «ይኸውልህ» ብለው እንደሳቁና እሱም እንደሳቀ።

ከኋላ በርናባስ በችኮላ መጣ፤ ፔርሙዙን እንደያዘ፣ ፊቱ ተጨንቆ። «ጀባዳ አዴ፣ አይዞ…»

ሙሉነሽ ፊቷን ከአሮጊቷ ሳታነሳ ግራ እጇን ወደ እሱ ዘረጋች፤ መዳፏን ከፍታ፣ ቁም እንደማለት። በርናባስ ቆመ። ሴቶቹም ቆሙ። አዴ ድርቤ ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ እጇን አላወረደችም።